ሲም ካርድ ከተተካ በኋላ ቴሌግራም አካውንቱ በሌላ ስልክ ላይ ክፍት መሆኑን ሲያሳይ ምን ይደረጋል?

ስልኩ የጠፋበት ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚሮጠው ቁጥሩን ለማስመለስ ነው። ወደ ቴሌኮም አገልግሎት ማዕከል ሄዶ፣ መታወቂያውን አሳይቶ ሲም ካርዱን ያስተካል። አሮጌው ሲም ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል፤ አዲሱ ይሠራል፤ ሰውየውም ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ይመስለዋል። በአዲሱ ስልክ ላይ ቴሌግራምን ጭኖ ቁጥሩን ሲያስገባ ግን የሚጠብቀው የመግቢያ ኮድ በአጭር የጽሑፍ መልእክት አይመጣም። በምትኩ ኮዱ በሌላ መሣሪያ ላይ ወዳለው ቴሌግራም መላኩን የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይወጣል። በጽሑፉ መጨረሻ ላይ «your other device» የሚሉ ቃላት ይነበባሉ፤ «ሌላው መሣሪያህ» ማለት ነው። ይህ ሌላው መሣሪያ የጠፋው ስልክ ሊሆን ይችላል።

ጽሑፉ የመተግበሪያው ብልሽት አይደለም፤ አካውንቱ ተሰርቋል የሚል ማረጋገጫም አይደለም። የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም አካውንቱ ቀደም ሲል የተከፈተበት፣ እስካሁንም ያልተዘጋበት ሌላ መሣሪያ መኖሩን ነው። ያ መሣሪያ የትኛው እንደሆነ መለየትና የማይፈለገውን መዝጋት የባለቤቱ ሥራ ነው። ሥራው ቅደም ተከተል አለው፤ ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ግን ባለቤቱ ከገዛ አካውንቱ ሊባረር ይችላል።

ሲም ካርዱ ሌላ፣ አካውንቱ ሌላ

ቴሌግራም ስልክ ቁጥርን የሚጠቀመው በሩ ላይ ነው። አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ቁጥሩ የእርሱ መሆኑን በኮድ ያረጋግጣል። ከዚያ በኋላ መተግበሪያው ከሲም ካርዱ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በስልኩና በቴሌግራም ማዕከል መካከል የራሱ ክፍት ግንኙነት ይፈጠራል፤ ይህ ግንኙነት ባለቤቱ እስኪዘጋው ወይም ለረጅም ጊዜ ሳይሠራበት ቆይቶ በራሱ እስኪዘጋ ድረስ ይኖራል። ሲሙ ከስልኩ ቢወጣ፣ ቢታገድ ወይም ቢተካ ግንኙነቱ አይቋረጥም።

ስለዚህ የጠፋው ስልክ በሌላ ሰው እጅ ከገባና የስክሪን ቁልፍ ከሌለው፣ ያ ሰው የራሱን ሲም አስገብቶ ወይም ዋይፋይ ተጠቅሞ የቀድሞውን ባለቤት ቴሌግራም እንደ ልቡ ማንበብና መጻፍ ይችላል። ሲሙን ማስተካት ያስገኘው ጥቅም ሌላ ነው። ከአሁን በኋላ በዚያ ቁጥር የሚላክ አጭር መልእክትና የሚደወል ጥሪ ወደ ትክክለኛው ባለቤት ይመጣል። ይህም በሩን ዳግም ለመክፈት ይረዳል እንጂ ቀድሞ የገባውን ሰው አያስወጣም።

የመግቢያ ኮዱ በአጭር መልእክት አለመምጣቱም ከዚሁ የተነሣ ነው። ቴሌግራም ክፍት መሣሪያ ካገኘ ኮዱን አስቀድሞ የሚልከው ወደዚያ ነው። ባለቤቱ ሁለቱም መሣሪያዎች በእጁ ሲሆኑ አሠራሩ ይጠቅመዋል። አሮጌው ስልክ ሲጠፋ ግን ኮዱ የሚደርሰው ስልኩን ለያዘው ሰው ይሆናል።

ከቢቸና የተነሣ ነጋዴ

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቀላል። አንድ የቢቸና የጤፍ ነጋዴ በማለዳ ተሳፍሮ ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል እንበል። ደጀን ላይ ስልኩን አውጥቶ ለደንበኛው መልእክት ልኳል። አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ጎሃ ጽዮን ሲደርስ ኪሱን ቢዳስስ ስልኩ የለም። ጊዜው ከጧቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ስልኩ የስክሪን ቁልፍ አልነበረውም። የደንበኞቹ ስም፣ የዋጋ ስምምነቱና የባንክ ሒሳብ ቁጥሮቹ ሁሉ ያሉት ቴሌግራሙ ላይ ነው።

ነጋዴው ከተሳፋሪ ስልክ ተውሶ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች አገልግሎት 994 ይደውልና ቁጥሩን ያሳግዳል። ይህ እርምጃ በስሙ ጥሪ እንዳይደረግ፣ የመግቢያ ኮዶችም በአሮጌው ሲም በኩል ሌላ ሰው እጅ እንዳይገቡ ያደርጋል። በማግሥቱ ጧት አዲስ አበባ ውስጥ ሲሙን አስተክቶ፣ አዲስ ስልክ ገዝቶ ቴሌግራምን ይጭናል። ቁጥሩን ሲያስገባ ኮዱ ወደ ሌላው መሣሪያ መላኩን የሚገልጸው ጽሑፍ ይወጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት ቁጥሩን ደጋግሞ ማስገባት ነው። ይህ አይጠቅምም። ሙከራው ሲበዛ ቴሌግራም ለተወሰነ ጊዜ ተጨማሪ ሙከራ ይከለክላል። ትክክለኛው መንገድ በዚያው ገጽ ላይ ታግሦ መቆየትና ኮዱ በአጭር መልእክት እንዲላክ የሚጠይቀውን አማራጭ መንካት ነው። አማራጩ የሚታየው ከጽሑፉ ግርጌ ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜ የሚወጣው ጥቂት ከተቆየ በኋላ ነው። አጭር መልእክቱ የሚደርሰው ወደ ተተካው ሲም ስለሆነ ነጋዴው ኮዱን አስገብቶ ይገባል።

ከገቡ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ

ነጋዴው ገባ ማለት ብቻውን ሆነ ማለት አይደለም። የጠፋው ስልክም እንደ ተከፈተ ነው፤ እንዲያውም አዲስ መሣሪያ መግባቱን የሚገልጽ ማስታወቂያ ደርሶታል። አሮጌውን ስልክ የያዘው ሰው አዲሱን መሣሪያ ከዝርዝሩ መርጦ ሊያስወጣው ይችላል። በአካውንቱ ላይ የራሱን የይለፍ ቃል ሊያደርግም ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የይለፍ ቃል ማድረግ ያስፈልጋል።

ይህ የሚገኘው «Settings» ከሚለው ውስጥ «Privacy and Security»፣ ከዚያም «Two-Step Verification» በሚለው ሥር ነው። እዚህ የሚደረገው የይለፍ ቃል ከአጭር መልእክቱ ኮድ ቀጥሎ የሚጠየቅ ሁለተኛ ቁልፍ ነው። ነጋዴው ይህን ካደረገ በኋላ ቢባረር እንኳ በሲሙ ኮድና በይለፍ ቃሉ ተመልሶ ይገባል። አሮጌውን ስልክ የያዘው ሰው ደግሞ ቃሉን ሳያውቅ ወዲያው ሊቀይረው አይችልም። መተግበሪያው የማስታወሻ ኢሜይል ሲጠይቅም ባለቤቱ በእርግጥ ሊከፍተው የሚችለውን ኢሜይል ማስገባት ይገባል። ኢሜይሉ በዚያው በጠፋው ስልክ ላይ ክፍት ከሆነ የኢሜይሉን የይለፍ ቃል አስቀድሞ መቀየር የግድ ነው፤ አለዚያ ሁለተኛው ቁልፍ በዚያው ሰው እጅ ይገባል።

ዝርዝሩን ማንበብ

ቀጣዩ እርምጃ «Settings» ውስጥ «Devices» የሚለውን መክፈት ነው። አካውንቱ የተከፈተባቸው መሣሪያዎች ሁሉ እዚያ ተዘርዝረዋል። ከላይ ያለው አሁን በእጅ ያለው ስልክ ነው። ከእርሱ በታች የሌሎቹ መሣሪያዎች ዓይነት፣ የሚገኙበት ቦታና ለመጨረሻ ጊዜ የሠሩበት ሰዓት ይታያል።

ነጋዴው ከራሱ አዲስ ስልክ ሌላ ሁለት ያያል። አንደኛው የጠፋው ቴክኖ ስልክ ነው። ሁለተኛው ኮምፒዩተር ሲሆን ከጎኑ «Telegram Desktop» ተጽፏል። በሁለቱም ሥር የተጻፈው ቦታ አዲስ አበባ ነው። ነጋዴው ይደነግጣል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒዩተር የለውምና። ሌባው አካውንቱን በኮምፒዩተር ላይም የከፈተው ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ስለ ቦታው ነው። በዝርዝሩ ላይ የሚታየው ቦታ መሣሪያው የተቀመጠበት ትክክለኛ ሥፍራ አይደለም። ከኢንተርኔት አድራሻው ተነሥቶ የሚገመት ነው፤ አድራሻው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው የቴሌኮም ድርጅቱን መረብ እንጂ ተጠቃሚው ያለበትን ከተማ አይደለም። ስለዚህ ቢቸና ወይም ሞጣ ላይ ያለ መሣሪያ አዲስ አበባ ተብሎ ቢታይ አያስገርምም። ቦታውን ብቻ አይቶ ሌባ አለ ማለትም፣ የለም ማለትም አይቻልም።

ሁለተኛው ስለ ሰዓቱ ነው። መተግበሪያው ሰዓትን የሚያሳየው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። በዝርዝሩ ላይ 21:40 ተብሎ ቢጻፍ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40 ነው፤ 9:15 ቢል ደግሞ ከጧቱ 3 ሰዓት ከ15 ነው። ስድስት ሰዓት መቀነሱን የዘነጋ ሰው ስልኩ ከመጥፋቱ በፊት የሆነውን ከጠፋ በኋላ የሆነ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። የነጋዴው ስልክ የጠፋው ከጧቱ 4 ሰዓት በፊት ነው። በቴክኖው ሥር የሚነበበው የትናንትናው 21:40 ከሆነ ስልኩ ከጠፋ በኋላ በርቶ፣ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። ሰዓቱ የሚያረጋግጠው መገናኘቱን እንጂ ሰው ተቀምጦ መልእክት ማንበቡን አይደለም፤ ጥንቃቄውን ለማፋጠን ግን በቂ ምክንያት ነው።

ኮምፒዩተሩስ? በሥሩ የተጻፈው ቀን ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ያን ጊዜ ስልኩ በነጋዴው ኪስ ነበር። ቆም ብሎ ሲያስብ ሞጣ ያለው የወንድሙ ልጅ ደረሰኞችን ለማተም ሱቁ ውስጥ ባለው ኮምፒዩተር ላይ የእርሱን ቴሌግራም ከፍቶለት እንደነበር ያስታውሳል። ያልታወቀ የመሰለው መሣሪያ የገዛ ቤተሰቡ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት

ነጋዴው የጠፋውን ቴክኖ ከዝርዝሩ ነክቶ ሊዘጋው ሲሞክር መተግበሪያው እምቢ ይላል። ለደኅንነት ሲባል አሁን ከተገናኘ መሣሪያ ላይ ሆኖ ቀደም ያሉትን መዝጋት እንደማይቻል፣ ቀድሞ የተከፈተ መሣሪያ እንዲጠቀም ወይም እንዲጠብቅ ይነግረዋል። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፤ ሌባው እንዳገደው አድርጎ የሚያስብም አለ።

ክልከላው የቴሌግራም ሕግ ነው። አዲስ የገባ መሣሪያ ከእርሱ በፊት የተከፈቱትን ለማስወጣት 24 ሰዓት መሙላት አለበት። ሕጉ የተሠራው ኮድ ሰርቆ የገባ ሰው እውነተኛውን ባለቤት በቅጽበት እንዳያባርር ነው። ስልኩ ለጠፋበት ሰው ግን በተቃራኒው ይሠራበታል፤ ቴሌግራም ከሁለቱ የትኛው ባለቤት እንደሆነ አያውቅም፤ የሚያየው ማን ቀድሞ እንደገባ ብቻ ነው።

በዚህ ጊዜ የሚያድነው ያ የሞጣው ኮምፒዩተር ነው። ከ24 ሰዓት በላይ የቆየ ስለሆነ ክልከላው አይመለከተውም። ነጋዴው ወደ ወንድሙ ልጅ ይደውላል። ልጁ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ፣ የቴሌግራሙ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ያወጣል፤ ቴክኖውን ለይቶም ይዘጋዋል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በዝርዝሩ ውስጥ «Terminate All Other Sessions» የሚል በቀይ የተጻፈ አማራጭ አለ። ትርጉሙ ከዚህ መሣሪያ በስተቀር ሌሎቹን ሁሉ ዝጋ ማለት ነው። ልጁ ይህን ቢነካ የአጎቱን አዲስ ስልክም አብሮ ያስወጣል። ስለዚህ መንካት ያለበት የጠፋውን ስልክ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ቀደምት መሣሪያ የሌለው ሰው 24 ሰዓቱን መጠበቅ አለበት። በዚህ ጊዜ የይለፍ ቃሉን አድርጎ፣ አካውንቱን ሳይዘጋና መተግበሪያውን ሳያጠፋ መቆየት ይገባል። ከወጣና እንደገና ከገባ 24 ሰዓቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። የኢንተርኔት መቆራረጥ ግን ቆጠራውን አያስቆመውም፤ ጊዜው የሚቆጠረው በቴሌግራም ማዕከል እንጂ በስልኩ ላይ አይደለምና። ሰዓቱ ሲሞላ ኢንተርኔት ባለበት ሥፍራ ሆኖ የጠፋውን ስልክ መዝጋት ይቻላል።

እስከዚያው ድረስ ለቅርብ ሰዎች በስልክ መደወል ያስፈልጋል። በቴሌግራም መጻፍ በቂ አይደለም፤ አሮጌውን ስልክ የያዘው ሰው መልእክቱን አይቶ ለሁለቱም ወገን ሊያጠፋው ይችላል። ነጋዴው ለደንበኞቹ ደውሎ በእርሱ ስም በጽሑፍ ገንዘብ ከተጠየቁ ወይም አዲስ የሒሳብ ቁጥር ከተላከላቸው እንዳይልኩ ይነግራቸዋል። ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው በዚህ ክፍተት ነው።

መዝጋቱ የማይፈታው ነገር

የጠፋው ስልክ ከዝርዝሩ ሲወጣ አዲስ መልእክት አይደርሰውም፤ በባለቤቱ ስምም መጻፍ አይችልም። ስልኩ በዚያን ጊዜ ከኢንተርኔት ውጭ ከሆነ ግን ቀድሞ የወረዱት ጽሑፎችና ፎቶዎች ስልኩ እንደገና እስኪገናኝ ድረስ በውስጡ ሊቆዩ ይችላሉ። በስልኩ የፎቶ ማኅደር ውስጥ የተቀመጡትንም መዝጋቱ አይነካቸውም። በዚህ ምክንያት በቴሌግራም ለራሱ የላካቸው የሚስጥር ቁጥሮችና የይለፍ ቃሎች ያሉት ሰው እነርሱንም መለወጥ አለበት።

አሮጌውን ስልክ የያዘው ሰው ቀድሞ የይለፍ ቃል አድርጎ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። የዚህ ምልክቱ ባለቤቱ የአጭር መልእክቱን ኮድ በትክክል ካስገባ በኋላ እርሱ ያላደረገውን ቃል መጠየቁ ነው። ኢሜይል ካልተመዘገበ የሚቀረው አማራጭ አካውንቱን ሰርዞ በዚያው ቁጥር እንደ አዲስ መጀመር ነው። አካውንቱ እየተሠራበት ከሆነ ስረዛው የአንድ ሳምንት ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ ሳምንት ውስጥ ክፍት መሣሪያ የያዘው ሰው ስረዛውን ሊያስቀር ይችላል። ስረዛው ቢሳካም የቀድሞ ጽሑፎች፣ እውቂያዎችና ቡድኖች አይመለሱም።

ሌላም ምልክት አለ። ባለቤቱ ኮዱን አስገብቶ ሲጨርስ መተግበሪያው እንደ አዲስ ተጠቃሚ ስሙን ቢጠይቀው በዚያ ቁጥር የተመዘገበ አካውንት የለም ማለት ነው። ወይ ተሰርዟል፣ ወይም ክፍት መሣሪያ የያዘው ሰው አካውንቱን ወደ ሌላ ቁጥር አዛውሮታል። በዚህን ጊዜ ሲሙ ብቻውን አካውንቱን አያስመልስም።

እንዲህ ሲሆን ጉዳዩን ለፖሊስ ማመልከት ይገባል። ያለፈቃድ የሌላ ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት ውስጥ መግባት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3 የተከለከለ ነው። ለአቤቱታው የሚጠቅመው ማስረጃ የመሣሪያዎቹ ዝርዝር ከመዘጋቱ በፊት የተነሣ የስክሪን ፎቶ፣ ሲሙ የታገደበትና የተተካበት ቀን፣ በባለቤቱ ስም ገንዘብ የተጠየቁ ሰዎች የያዙት መልእክት ነው።

ዋትስአፕ ላይ ነገሩ ይለያል

ተመሳሳይ ነገር በዋትስአፕ ቢያጋጥም አካሄዱ ሌላ ነው። በዋትስአፕ አካውንቱ የሚመዘገበው በአንድ ዋና ስልክ ላይ ነው። ባለቤቱ በተተካው ሲም የሚደርሰውን ባለ 6 አኃዝ ኮድ በአዲሱ ስልክ ሲያስገባ አሮጌው ስልክ ወዲያው ከአካውንቱ ይወጣል፤ 24 ሰዓት መጠበቅ የለም። ከዚያም «Linked Devices» በሚለው ውስጥ ገብቶ የማያውቀው መሣሪያ ተያይዞ እንደሆነ ማየት ይበቃል። ሌላ ሰው የሚስጥር ቁጥር አድርጎበት ቢገኝ እንኳ ባለቤቱ 7 ቀን ጠብቆ ያለ ሚስጥር ቁጥሩ መግባት ይችላል።

ሁለቱን መተግበሪያዎች አንድ አድርጎ ማሰብ ያሳስታል። በዋትስአፕ የለመደ ሰው በአዲሱ ስልክ ስለገባ ብቻ አሮጌው የተዘጋ መስሎት የቴሌግራሙን ዝርዝር ሳያይ ይተወዋል። የጠፋው ስልክም ለወራት የእርሱን መልእክት ሲቀበል ሊቆይ ይችላል። ሲሙን ያስተካ ሰው ሥራውን ጨርሷል የሚባለው በቴሌግራሙ «Devices» ዝርዝር ውስጥ የሚያውቃቸው መሣሪያዎች ብቻ ሲቀሩ ነው።